ለሟች ታካሚያችን ቤተሰብ የምንልከው የሐዘን ደብዳቤ፦ እባካችሁ እዩልን

ሲስተር_7ቁጥር (ክሩን የከፈተች) · እሑድ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የወንዶች የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬም ወሎ ውስጥ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት አንድ ታካሚያችን አረፉ። ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በልብ ድካም ሁለት ዓመት ሲመላለሱ ቆይተው፣ ለአምስተኛ ጊዜ በተኙ በ23ኛው ቀን ነው ያለፉት።

ክፍላችን እስከ ዛሬ ለቤተሰብ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ሰው ሲሞት አስከሬኑ ይሸኛል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ማታ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ይተኛል። የእኚህ ሰው ግን ሁላችንንም ከብዶናል። መስኮት ሥር ያለችው 7 ቁጥር አልጋ ላይ፣ ጋደም ማለት ስለማይችሉ ትራስ ደራርበው ቁጭ ብለው ነበር የሚያድሩት። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ጎናቸው ለተኛው የ15 ዓመት ልጅ ክፍልፋይ ያስተምሩት ነበር። ባለቤታቸው 23ቱንም ቀን አልጋው ሥር ሰሌን ላይ ነው ያደሩት። ቤታቸው ከእኛ 140 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ለቅሶ መድረስ አልቻልንም። ስለዚህ ደብዳቤ እንጻፍ ተባባልን። ረቂቁ ይኸው፦

> ጉዳዩ፦ የሐዘን መግለጫን ይመለከታል
>
> ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው የክፍላችን ታካሚ የነበሩት መምህር ባደረባቸው የልብ ድካም ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የክፍሉ ሠራተኞች የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የሕክምና ቡድኑ የሚቻለውን ሁሉ ጥረት ያደረገ ቢሆንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ሕይወታቸውን ማትረፍ አልተቻለም። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት እንዲያኖርልን፣ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን እንዲሰጥልን እንመኛለን።
>
> ከሰላምታ ጋር

ስናነበው ቀዘቀዘብን፤ የት ላይ እንደሆነ ግን መለየት አቃተን። ምን ትላላችሁ?

---

መዝገብ_ቤት_18ዓመት · እሑድ፣ ምሽት 2፡50

እህቴ፣ ጥሩ አስባችኋል። ረቂቁ በአጻጻፍ ረገድ ምንም አልጎደለውም። የቀሩት የወጪ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ናቸው። ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ያለ ቁጥር አይሄድም፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ ማን ጻፈው ይባላል። ግልባጭም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይደረግ።

---

የእማዬ_ልጅ · እሑድ፣ ምሽት 3፡20

ይቅርታ፣ ከወንድሜ ከመዝገብ ቤቱ ጋር አልስማማም። እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል። ከየት እንደሆነ አልናገርም። እናቴ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታመው ሲያርፉ፣ ከተኙበት ክፍል ቁጥርና ክብ ማህተም ያለበት ወረቀት መጣልን። ፖስታውን ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ያልተከፈለ ሒሳብ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት። ከውስጥ «ወንድማችን በሞት በመለየታቸው» ይላል። እናቴን! ከሌላ ሰው ደብዳቤ ገልብጠው ስሙን ብቻ ቀይረው ነበር።

ከዚያ በታች «ያለ ምንም ሥቃይ አርፈዋል» ይላል። አጠገባቸው ነበርኩኮ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቃትቱ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ያንን መስመር ሳስታውስ፣ እማዬን ማንም አላያቸውም ነበር ማለት ነው እላለሁ።

ሲስተር፣ አንቺ የጻፍሽው እንዲያ አይደለም። ግን ስለ ክፍልፋዩ እዚህ የነገርሽን ደብዳቤው ውስጥ የለም። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።

---

ዶክተር_ደጋ · እሑድ፣ ሌሊት 4፡40

ሲስተር፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ እኛም ክፍል ይህን ከጀመርን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። መጀመሪያ ላይ የጻፍናቸውን ዛሬ ሳያቸው አፍራለሁ። ረቂቅሽ ውስጥ ሦስት ነገር አስቆመኝ፤ አንዱን ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ።

የሕመሙን ስም አውጪው። እኛ አገር የሐዘን ደብዳቤ ለአንድ ሰው አይደርስም። ድንኳን ውስጥ ወይም ሳሎን ውስጥ አንዱ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ ጎረቤት ይሰማል፣ እድርተኛው ይሰማል። የልብ ድካም ቢነበብ ምን ችግር አለው ትዪ ይሆናል፤ ለእኚህ ሰው ምናልባት የለውም። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር የምትጽፉለት ሰው በቲቢ ወይም በኤች አይ ቪ ያረፈ ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ስሙን ትተዉታላችሁ። የመምህሩ ደብዳቤ ሕመሙን ጠርቶ የሌላው ዝም ካለ፣ ዝምታው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ለማንም አይጻፍ። ምስጢሩ ታካሚው ሲሞት አያልቅም።

ሁለተኛው «የሚቻለውን ሁሉ ጥረት ያደረገ ቢሆንም» የሚለው ነው። እናንተ ከልባችሁ ጥረት አድርጋችኋል። ሰሚው ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ባለቤታቸው ስንት ጊዜ የመድኃኒት ወረቀት ይዘው ውጭ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረዋል? «ሁሉ» ስትዪ እነዚያ ቀኖች ፊታቸው ይመጣሉ፤ ሳይከሷችሁ የተከላከላችሁ ይመስላል። ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ሕይወት ለማትረፍ ነበር የምትሠሩት? ወይስ ምቾታቸውን ለመጠበቅ? ለቤተሰቡ ማን ምን እንደነገረ አስታውሺ፤ ደብዳቤው ያንን ንግግር እንዳያፈርሰው።

ሦስተኛው፣ ለማን እንደተጻፈ አይታወቅም። «ለቤተሰባቸው» ይላል። ሰሌን ላይ ያደሩት ሴት ስማቸው የት አለ? አስታማሚዋ ያልተጠሩበት የዋርድ ደብዳቤ ለእኔ ባዶ ነው።

አሁን ልጠይቅሽ፦ ደብዳቤውን ማን ነው የሚያነብላቸው? መርዶው ለሁሉም ልጆች ደርሷል? ባለቤታቸው ከዋርዱ ሲወጡ የመጨረሻ የተናገሩት ነገርስ ምን ነበር?

---

ኢንተርን_6ኛ · ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

በአክብሮት ነው የምለው፤ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ? በእኛ ባህል ለቅሶ በእግር ነው የሚደረሰው። «ደብዳቤ ላኩልን» ከማለት «ቤታችን መጡልን» ማለት ይበልጣል። ሁለት ሰው መኪና ተሳፍሮ ቢሄድስ?

---

ሲስተር_7ቁጥር · ሰኞ፣ ረፋድ 4፡05

ኢንተርን፣ ልክ ነህ፤ ቅርብ ቢሆን ኖሮ እንሄድ ነበር። አንዲት ነርስ በአንድ ተረኛ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ታውቃለህ። ሁለት ሰው ለአንድ ቀን ተኩል ሲጠፋ የሚቀረው ታካሚ ነው የሚጎዳው።

ዶክተር፣ ጥያቄዎችህን ሌሊት ሳስባቸው አደርኩ። ባለቤታቸው ማንበብ አይችሉም። 8ኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጅ አላቸው፤ እሱ ነው የሚያነብላቸው። መርዶው ግን ለሁሉም አልደረሰም። ታናሽ ልጃቸው ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ብቻዋን ስለሆነች እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ተሰብስበው ዓርብ፣ በዕረፍቷ ቀን ሊነግሯት ነው። አሁንም አባቷ ዋርድ ውስጥ እንዳሉ ነው የምታውቀው። ትናንት እኔ ስልክ ላይ ደውላለች፤ አላነሳሁትም።

የመጨረሻው ንግግር… ይሄን መጻፍ ከብዶኛል። አስከሬኑ ሲወጣ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ጨው ነው አይደል የገደላቸው?» አሉኝ። ረቡዕ ማታ መምህሩ ለምነዋቸው፣ ለሁለት ዓመት ያልቀመሱትን ጨው ያለበት ሽሮ አብልተዋቸው ነበር። እኔም ደንግጬ «አይ፣ አይደለም» አልኩና መኪናው ሄደ። ይህን ደብዳቤው ውስጥ መመለስ አለብኝ ብዬ ነበር የማስበው።

---

አብዱ_ከሚሴ · ሰኞ፣ ቀን 7፡10

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ መምህሩ ሙስሊም ናቸው? ባለቤታቸው ሰሌን ላይ ሲሰግዱ አይታችኋል ወይ ማለቴ ነው።

---

ሲስተር_7ቁጥር · ሰኞ፣ ቀን 7፡25

አዎ፣ ሙስሊም ናቸው። የባለቤታቸው ወንድሞች ክርስቲያን ናቸው፤ እነሱም ይጠይቋቸው ነበር።

---

አብዱ_ከሚሴ · ሰኞ፣ ቀን 7፡40

አላህ ይዘንላቸው። እንግዲያው «ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት» የሚለው ከሌላ ደብዳቤ የመጣ ነው። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ወሎ ነው፣ አብረን ነው የምንቀብረው፣ ማንም አይቀየምም። ግን የልጅ ልጁ ሲያነበው አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፣ «ለአያቴ ነው የተጻፈው ወይስ ለሌላ ሰው?» ይላል። «አላህ ይዘንላቸው፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉ። ክርስቲያን ነርሶች ብትሆኑም ከእናንተ ሲመጣ ያምራል።

---

ነርስ_ሜሪላንድ · ሰኞ፣ ምሽት 1፡30

የአብዱ ነጥብ ለጴንጤ ቤተሰብም ይሠራል። «ነፍስ ይማር» ሲባሉ ዝም ብለው የሚያዝኑ አሉ፤ ለእነሱ ከሞት በኋላ የሚለመን ምሕረት የለም። ሃይማኖቱ ሲያጠራጥር «ያጽናችሁ» በቂ ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማን የሚታገዙበት ሆስፒስ ውስጥ ነው የምሠራው። ለእኛ ይህ ግዴታ ነው፦ በመንግሥት የጤና መድን በሜዲኬር ደንብ ታካሚው ካረፈ በኋላ ቤተሰቡን እስከ አንድ ዓመት የመደገፍ ኃላፊነት አለብን። ደብዳቤው የዚያ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ስልክ አለ፣ ጉብኝት አለ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ጥናት ተሠርቶ በ2017 ታትሟል። ለግማሹ ቤተሰብ ሐኪሙና ነርሷ በእጃቸው የጻፉት የሐዘን ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተላከ፣ ለግማሹ አልተላከም። በወሩ ልዩነት አልታየም። በስድስተኛው ወር ግን ደብዳቤ የደረሳቸው ላይ የድባቴና የሰቀቀን ምልክት በዝቶ ተገኘ። ጥሩ አስበው የጻፉት ነው እንግዲህ። እኔ ሳነበው ለብዙ ቀን ከውስጤ አልወጣም።

---

የእማዬ_ልጅ · ሰኞ፣ ምሽት 1፡55

እንዴት ሊሆን ይችላል? ታዲያ አይጻፍ ማለትሽ ነው?

---

ዶክተር_ደጋ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡00

ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ መጠቀሱም ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን እይዛለሁ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡና ሠራተኛው በጥቂት ቀን ነው የሚለያዩት። እዚህ ሁለት ዓመት በስም የተጠራሩ ሰዎች ናቸው። ሌላው፣ ደብዳቤው ቁስሉን ይከፍተዋል፤ የሚሰማው ሰው ግን በሌላኛው ጫፍ የለም። ያው የፈረንሳይ ቡድን በ2022 ሌላ ጥናት አሳትሟል፦ ከሞት በፊት ከቤተሰብ ጋር መነጋገር፣ በሚያርፉበት ሰዓት ክፍሉ ገብቶ አብሮ መሆን፣ ካረፉ በኋላ ደግሞ እንደገና ተገናኝቶ መቀመጥ። የተራዘመ ሐዘን በዚህኛው ቀነሰ። እኔ የምወስደው ትምህርት ደብዳቤ ብቻውን አይሂድ የሚል ነው። ነርስ ሜሪላንድ ምናልባት ከዚህ በላይ ትጠነቀቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሲስተር፣ ደብዳቤው ውስጥ አትመልሺው። የልጅ ልጁ ለጎረቤት ሲያነብ «ሽሮው አልገደላቸውም» የሚል መስመር ቢያነብ፣ ያ ቤት ውስጥ ያልነበረ ሐሜት በዚያው ቀን ይፈጠራል። ይህ በድምፅ፣ ለእሳቸው ብቻ ነው የሚነገረው።

ደግሞ «አይ፣ አይደለም» ብቻ አይበቃቸውም፤ ለማጽናናት ያልሽ ይመስላቸዋል። ቻርቱን አውጪና ንገሪኝ፦ ሽንት የሚያሸናውን ላሲክስ በደም ሥር እየጨመራችሁ ሽንታቸው መቀነስ የጀመረው መቼ ነው? ለምቾት ብቻ ነው ብላችሁ የወሰናችሁትስ መቼ?

---

የአዳማው · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

ሰላም፣ እኔም ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። አባቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ያረፉት፤ እናቴ የጡረታውን ለማስተላለፍ የሐኪም ቤቱን የሐዘን ደብዳቤ ይዛ ብትሄድ ይቀበሏታል ወይ? ማህተም ካለው ማለቴ ነው።

---

መዝገብ_ቤት_18ዓመት · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡45

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ያኛው ሌላ ነው። ከሆስፒታሉ የሞት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀበሉ፤ እሱን ይዛችሁ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ጡረታው በዚያ የምስክር ወረቀት ነው የሚሄደው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ቶሎ በሉ።

ይሄን ስጽፍ የእማዬ ልጅ ያለችው ገባኝ። ሁለቱ ወረቀት ከተመሳሰሉ ሰው ያምታታል። ማህተሙ ይቅር። ዳይሬክተሩ ግን በቃልም ቢሆን ይወቁ፤ ከዚህ አልመለስም።

---

ሲስተር_7ቁጥር · ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡30

ቻርቱን አየሁት። ሽንታቸው ካረፉበት ሐሙስ በፊት በስምንተኛው ቀን ነው መቀነስ የጀመረው። ላሲክሱ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል፤ የኩላሊታቸውን ድካም የሚያሳየው ክሬያቲኒን ግን ወደ ላይ ነበር። ሰኞ ጠዋት ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ ለታላቅ ልጃቸው ከዚህ በኋላ የምናየው ምቾታቸውን ብቻ ነው ብሎ ነግሮታል። ለትንፋሻቸው ትንሽ ሞርፊን ተጀመረ፣ ኦክስጅኑ ቀጠለ። ሽሮው ረቡዕ ማታ ነው።

---

ዶክተር_ደጋ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡15

እንግዲህ መልሱ ቻርቱ ላይ አለ። ልቡም ኩላሊቱም ከሽሮው በፊት በሰባት ቀን ወደ መጨረሻው ገብተው ነበር። ሰኞ ለልጃቸው የተነገረው ራሱ ማስረጃ ነው። ስትደውዪ በዚህ ቅደም ተከተል ንገሪያቸው፤ ቀኑን እየጠራሽ። ቀን ሲጠራ ሰው ያምናል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እናስተውል፤ ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ሰኞ ዕለት ለምቾት ብቻ ከተባለ፣ የጨው ክልከላውም በዚያው ቀን መነሳት ነበረበት። የሚወዱትን ይብሉ የሚባልበት ቀን እሱ ነው። ለልጁ ተነገረው። ለባለቤታቸውስ ማን ነገራቸው? ማንም አልነገራቸውም መሰለኝ። እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጨው ያበሰሉ ሴት ናቸው፤ ረቡዕ ማታ ሕጉን የጣሱ መስሏቸው ተሸማቀው ነው ያጎረሷቸው። የእናንተን ፈቃድ ይዘው በሰላም ማብላት ይችሉ ነበር።

---

ሲስተር_7ቁጥር · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡40

አልነገርናቸውም። ሰኞ ራውንድ ላይ ሴቶቹን አስወጥተን ወንዱን ልጅ ነበር የጠራነው። አልጋው ራስጌ ያለው «ጨው የለሽ» የሚል ወረቀት እስከ ሐሙስ አልተነሳም ነበር። እኔ ራሴ ነኝ ያነሳሁት፣ አንሶላ ሲቀየር።

---

ነርስ_ሜሪላንድ · ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡10

እህቴ፣ አይዞሽ። ይህንንም ብትነግሪያቸው ምን ይመስልሻል? «ሰኞ ጀምሮ የፈለጉትን መብላት ይችሉ ነበር፤ ልንነግርዎት ይገባ ነበር፣ ሳንነግርዎት ቀረን» ብትያቸው ያንቺ ጥፋት ከእሳቸው ላይ ሸክም ያወርዳል።

ዶክተር፣ አንድ ስጋት ግን አለኝ። ያቺ ምግብ አንዲት ሰዓት እንኳ አላሳጠረችም ብሎ መማል የሚችል ሐኪም የለም። ሲስተር «በፍጹም» የሚል ቃል እንዳታወጣ።

---

ዶክተር_ደጋ · ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡20

ለዚህ ነው ቀኖቹን ብቻ ትንገራቸው ያልኩት። ሰዓቱን እኔም አልምልም።

---

ሲስተር_7ቁጥር · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ዓርብ ማታ ከጂዳ መልእክት ደረሰኝ፤ ነግረዋታል፣ አሥራ አንድ ሴቶች አብረዋት አድረዋል። ፈርቼ የቆየሁት እሱን ነበር። የሆስፒታላችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ደብዳቤውን ፎቶ አንስተን እንለጥፍ ያለ ሰው ነበር፤ እንቢ ማለቴ ደግ ሆነ። እሷም እኮ ገጹን ትከታተላለች።

አዲሱ ረቂቅ ይኸው። ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ብዬ አጫጭር አድርጌዋለሁ። የወይዘሮዋን ስም እዚህ አላስቀምጥም፤ ደብዳቤው ላይ ግን ከነአባታቸው አለ።

> ለተከበሩ ወይዘሮ … እና ለልጆችዎ
>
> እኛ መምህር ተኝተውበት የነበረው ክፍል ሠራተኞች ነን። እሳቸው ካረፉ ወዲህ 7 ቁጥር አልጋን ስናልፍ ዓይናችን ወደዚያው ይሄዳል።
>
> መምህር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ሲያጡ ጎናቸው የተኛውን ልጅ ክፍልፋይ ያስተምሩት ነበር። ዳቦ ቆርሰው ግማሽና ሩብ ያሳዩት ነበር። ልጁ ደብተሩን ይዞታል። ጠዋት ስንገባ ሁላችንንም በስማችን ይጠሩን ነበር፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ እንኳ ስሙን ሳይጠይቁ አያልፉም።
>
> ወይዘሮ፣ እርስዎ 23 ቀን ከአጠገባቸው አልተለዩም። ሌሊት ትራሳቸውን የሚያስተካክሉት እርስዎ ነበሩ። እኛ ሥራችንን የሠራነው በእርስዎ እጅ ላይ ተደግፈን ነው።
>
> የመምህር መነጽር፣ ትንሿ ራዲዮና ጋቢያቸው እኛ ዘንድ ቀርተው ነበር፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከናል።
>
> ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት የሚጠይቁን ካለ፣ ከታች ባለው ስልክ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እናነሳለን። መጥተው መቀመጥ ቢፈልጉም ደስ ይለናል።
>
> አላህ ይዘንላቸው። ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።

---

የእማዬ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡35

«ዳቦ ቆርሰው» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ይኸው ነው። አንድ ቃል ብቻ፦ «ዓይናችን ወደዚያው ይሄዳል» የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን ስለ እናንተ ሐዘን ከዚህ በላይ አትጨምሩ። እኛ ደግሞ እናንተን ማጽናናት እንዳይጠበቅብን።

---

ዶክተር_ደጋ · ቅዳሜ፣ ረፋድ 4፡50

ስልኩን በተመለከተ፦ ማክሰኞና ሐሙስ ብለሽ ከጻፍሽ በዓመት ፈቃድሽ ጊዜም ማን እንደሚያነሳ አሁኑኑ ወስኚ። የተባለበት ቀን ተደውሎ የማይነሳ ስልክ ደብዳቤውን ውሸት ያደርገዋል። ልጁ ደብተሩን ይዞታል የሚለውንም ልጁንና እናቱን አስፈቅዱ፤ እሱም ታካሚ ነው።

ማን ነው የሚፈርመው?

---

ሲስተር_7ቁጥር · ቅዳሜ፣ ረፋድ 5፡15

የልጁ እናት ፈቅደዋል። ስልኩን ምክትሌም እንድትይዘው ተስማምተናል።

ፊርማው ላይ ተከራክረናል። ሬዚደንቱ፣ እኔና ሦስት ነርሶች እንፈርም ስንል፣ የጽዳት ሠራተኛችን «እኔስ?» አለች። ጠዋት ጠዋት የወይዘሮዋን ሰሌን እያነሳች፣ ስታጸዳ መልሳ የምታነጥፍላቸው እሷ ነበረች። ከሁላችንም የበለጠ የሚያውቋት እሷን ነው። አንዳንዱ ለሕክምና ቡድን አይሆንም አለ። እናንተስ?

---

መዝገብ_ቤት_18ዓመት · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡00

በደንቡ የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ነው የሚፈርመው። እንደ ሰው ከጠየቅሽኝ ግን ትፈርም።

---

ኢንተርን_6ኛ · ቅዳሜ፣ ቀን 6፡20

ከላይ ሳይሆን ሁሉም ስም በአንድ መስመር፣ ማዕረግ ሳይጻፍ ቢሆንስ? እኔ አሁንም መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። ደብዳቤውን እና ራዲዮውን ማን ነው የሚያደርሰው?

---

አብዱ_ከሚሴ · ቅዳሜ፣ ቀን 8፡05

ሰኞ በዚያ መስመር እጭናለሁ። ከፈቀድሽ በእጄ አደርሳለሁ፣ ዱዓም አድርጌ እመጣለሁ። በውስጥ ጻፊልኝ።

---

ሲስተር_7ቁጥር · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡10

ሰላም። አብዱ አላህ ይስጥህ፤ ሰኞ ከሰዓት ደርሷል። ስድስታችንም ፈርመናል፣ የጽዳት ሠራተኛችን በአውራ ጣቷ።

ትናንት ማክሰኞ እንደተባለው ጠበቅሁ፤ አልደወሉም። ማታ እኔ ራሴ ደወልኩ። ብቻቸውን መሆናቸውን ጠይቄ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሽንታቸው የቀነሰበትን፣ ሰኞ ለልጃቸው የተነገረውን። ከሰኞ ጀምሮ የፈለጉትን መብላት ይችሉ እንደነበር፣ ለእሳቸው ሳንነግር መቅረታችንን፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ «አጣፍጬው ነበር እንዴ?» አሉ ለራሳቸው። «አዎ፣ ሁለት ጊዜ ጨምሪልኝ ብለውኛል።»

ሬዚደንቱም ከዚህ በኋላ ራውንድ ላይ አስታማሚዋን አናስወጣም ብሏል፤ ይቀጥል አይቀጥል እንጃ፣ ገና ሁለት ቀኑ ነው።

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ስለ ልጁ ጠየቁኝ። ሐሙስ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። መምህሩ ሊያሳዩት ጀምረው ያልጨረሱት ማካፈል ነበር አሉ፤ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ተቀብሎ እኔ ላሳየው እችላለሁ ወይ አለኝ። ዛሬ ጠዋት አገናኝቻቸዋለሁ።